«ብዙ አካውንት» ተብሎ የተያዘ የውርርድ ገንዘብ፦ ክርክሩ ከየት ይጀምራል?

የውርርድ ድርጅት አካውንት ዘግቶ ያሸነፉበትን ገንዘብ ሲይዝ የሚልከው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር አይሞላም። «በአጠቃቀም ደንባችን መሠረት ከአንድ በላይ አካውንት በመክፈትና ቦነስ አላግባብ በመጠቀም አካውንትዎ ተዘግቷል፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው» ይላል። የትኛው አንቀጽ፣ የትኛው ሌላ አካውንት፣ የትኛው ቲኬት እንደሆነ አይነገርም። ተጫዋቹም ተናድዶ «ሌባ ናችሁ» ብሎ ይመልሳል፤ መልስ የለም፤ ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በአንድ ዓይነት ጉዳይ ላይ ነው፦ ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ቤት፣ በአንድ ዋይፋይ ወይም በአንድ ስልክ ምክንያት እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው ገንዘባቸው ሲያዝ። በጎጃም ከተሞች ይህ የሚሆንበት ዕድል ሰፊ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያሉ ተማሪዎች አንድ ዋይፋይ ይጋራሉ። ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ላይ አንድ ክፍል የተከራዩ ወንድማማቾች አንዱ የተወውን ስልክ ሌላው ይይዛል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በነበረበት ወቅት ደግሞ ኔት ያለው የሆቴልና የተቋም ዋይፋይ ላይ ብቻ ስለነበር፣ በርካታ ሰው በአንድ መስመር ገብቶ ይጫወት ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈ የመዝገብ ዳና ዛሬም «ተያያዥ አካውንት» ተብሎ ሊወጣ ይችላል።

ድርጅቱ ሁለት ሰዎችን «አንድ ናቸው» የሚለው በምን ነው?

ክርክሩ የሚያዘው ወይም የሚፈታው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ድርጅቶቹ አካውንቶችን የሚያያይዙባቸው ምልክቶች እኩል ክብደት የላቸውም።

ከሁሉ ደካማው የአይፒ አድራሻ ነው። በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው ለራሱ ብቻ የተሰጠ አይፒ የለውም፤ ቴሌው አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያካፍላል፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ሌላ አድራሻ ላይ ይገኛል። ስለዚህ «ሁለት አካውንቶች ከአንድ አይፒ ገብተዋል» የሚለው ብቻውን የሚያሳየው ሁለቱም የአንድ ቴሌ ደንበኞች መሆናቸውን ወይም አንድ ካፌ ውስጥ መቀመጣቸውን ሊሆን ይችላል። ቪፒኤን ሲጨመር ነገሩ ይብሳል፤ በዚያው ቪፒኤን ከገቡ የማያውቋቸው ሰዎች ጋር አንድ አድራሻ ላይ ይቀመጣሉ፣ አካባቢዎም ከአገር ውጭ ሆኖ ይታያል፣ ብዙ ደንቦችም ቪፒኤን መጠቀምን ራሱን ጥፋት ያደርጉታል።

ቀጥሎ የስልኩ አሻራ ይመጣል። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ተራ መተግበሪያ የስልኩን አይኤምኢአይ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ድርጅቱ «ያው ስልክ ነው» ሲል የሚመለከተው መተግበሪያው ስልኩ ላይ ያገኘውን መለያ ወይም በብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውን ኩኪ ነው። እነዚህ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ካልተመለሰ ከባለቤት ወደ ባለቤት አብረው ይሻገራሉ። ወንድሙ የሰጠውን ስልክ ሲሙን ብቻ ቀይሮ መጠቀም የጀመረ ሰው የወንድሙን ዳና ይዞ ነው ወደ ውርርዱ የሚገባው። ኩኪና መለያ በሌለበት ደግሞ ሥርዓቱ የስልኩን ሞዴል፣ የስክሪን መጠን፣ ቋንቋና የሰዓት ክልል ደምሮ ይገምታል። አንድ ዓይነት ቴክኖ ስፓርክ ባለበት ከተማ ይህ ግምት ብዙ ሰው ላይ ሊገጥም እንደሚችል መገመት ከባድ አይደለም።

ሦስተኛው ስም ነው፤ እዚህ ላይ በውጭ አገር የተሠራ ሶፍትዌር የእኛን አሰያየም አያውቀውም። ወንድማማቾች የአባትና የአያት ስማቸው አንድ ነው። የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ መጠሪያ የሚቆጥር ሥርዓት ሁለቱን በቀላሉ ያጣምራቸዋል። በተቃራኒውም ችግር አለ፦ አካውንቱ ላይ «Getnet» ብሎ የተመዘገበ ሰው መታወቂያው ላይ «Getinet» ከሆነ፣ ወይም የልደት ቀኑን አንዱ ቦታ በኢትዮጵያ ሌላው ቦታ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሞላ፣ ያው አንዱ ሰው ሁለት ሰው መስሎ ይታያል። «የተጭበረበረ ማንነት» የሚለው ክስ አንዳንዴ ከዚህ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት የመጣ ነው።

ከባዱ ማስረጃ የክፍያ መስመር ነው። ከሁለት አካውንቶች የወጣ ገንዘብ ወደ አንድ ቴሌብር ቁጥር ከገባ፣ ወይም አንዱ ለሌላው ከራሱ ሒሳብ ብር ካስገባ፣ ማስተባበሉ በጣም ይከብዳል። ከዚህ ጋር ሁለቱ አካውንቶች በደቂቃዎች ልዩነት ያንኑ ጨዋታ፣ በተለይም ተቃራኒ ውጤት (አንዱ «ያሸንፋል» ሌላው «አያሸንፍም») አስይዘው ከተገኙ፣ ድርጅቱ በእጁ ጥሩ ማስረጃ አለው። ቦነስን ከሁለት ወገን አስይዞ ያለ ኪሳራ ማውጣት የሚሉት ይሄንኑ ነው።

እዚህ ላይ ተጫዋቹ ለራሱ እውነቱን መናገር አለበት። የአጎቱን ልጅ መታወቂያ ተውሶ ሁለተኛ አካውንት ከከፈተ፣ ሙሉ ገንዘቡን ለማስመለስ መሟገቱ ጊዜ ማባከን ነው። እሱ ሊጠይቅ የሚችለው ያስገባውን የራሱን ብር ነው፤ እሱንም በትሕትና። ከዚህ በታች ያለው በእርግጥ አንድ አካውንት ብቻ ላለው ሰው ነው።

ከመልእክቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት

በጣም የተለመደው ስሕተት ሌላ አካውንት መክፈት ነው። የታገደው ሰው ከደንበኞች አገልግሎት ጋር ለመነጋገር መግባት ስላልቻለ በሌላ ቁጥር ይመዘገባል፣ ወይም የጓደኛውን አካውንት ተውሶ ይጽፋል። እስከዚያ ሰዓት ሐሰት የነበረው ክስ በዚያች ቅጽበት እውነት ይሆናል፤ ድርጅቱም «ይኸው፣ ከዚሁ ስልክ ሌላ አካውንት ተከፍቷል» ብሎ ያስረዳል። መጻፍ ያለብዎ በተመዘገቡበት ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ነው፤ ከሌላ አካውንት ፈጽሞ አይጻፉ።

ሁለተኛው፣ ገጹ ሳይዘጋ ማስረጃ መሰብሰብ ነው። አንዳንዱ ድርጅት ማውጣትንና ማስያዝን ብቻ አግዶ መግባትን ለጥቂት ቀን ይተዋል። ያን ጊዜ ይጠቀሙበት። የቲኬት ታሪክዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ የቲኬት ቁጥሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ኦዱና ያስያዙት ብር እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ። የቦነሱን ማስታወቂያና የቦነሱን ሕግ ለብቻ፣ አጠቃላይ ደንቡን ለብቻ ያስቀምጡ። ደንቡ ላይ የተሻሻለበት ቀን ካለ እሱ እንዲታይ ያድርጉ፤ ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ደንብ የሚቀየርበት ጊዜ አለና። የድሮውን ገጽ ለማግኘት ወይም የዛሬውን ለማስቀመጥ web.archive.org ላይ የድርጅቱን የደንብ ገጽ አድራሻ ማስገባት ይቻላል።

የክፍያውን ማስረጃ ደግሞ ከቴሌብር ያገኙታል። ከ127 የመጡትን መልእክቶች አያጥፉ፤ እያንዳንዱ የግብይት ቁጥር አለው። በባንክ ካስገቡ የባንኩን ማጣቀሻ ቁጥር ይያዙ፤ የንግድ ባንክ ከሆነ በFT የሚጀምረው ነው። ሲም ካርዱ በስምዎ መመዝገቡን ከኢትዮ ቴሌኮም የአገልግሎት ማዕከል ያረጋግጡ። ሲሙ በእናትዎ ስም ከሆነ (በገጠሩም በከተማውም የተለመደ ነው) አሁኑኑ ይወቁት፤ ድርጅቱ በኋላ «ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ሲያነሣው እንዳይደነግጡ።

በዚህ መሐል በቴሌግራም «የታገደ ገንዘብ እናስለቅቃለን» ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። አስቀድሞ ክፍያ ወይም «የማስለቀቂያ ግብር» የሚጠይቅ ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ግብር ካለ ከአሸናፊው ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ነው የሚከፈለው፤ ተጫዋቹ ከኪሱ አስቀድሞ አይልክም። የቴሌብር የምስጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የሚመጣው ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ለድርጅቱ ሠራተኛም ቢሆን።

ገንዘቡን ተከትሎ መቁጠር

አብዛኛው ተጫዋች የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ በእኛ ግምት ግን ከማንኛውም የሕግ ጥቅስ በላይ ክርክሩን የሚያጠነክረው እሱ ነው። «ቦነስ አላግባብ ተጠቅመሃል» ለሚል ድርጅት የመጀመሪያው ጥያቄ «ያሸነፍኩት ብር በእርግጥ ከቦነሱ የመጣ ነው ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ያለው ሒሳቡ ውስጥ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ክፍል የተከራዩ ወንድማማቾች አሉ እንበል። ታናሹ በመስከረም አካውንት ከፍቶ የመጀመሪያ ጊዜ ቦነስ ወሰደ። በኅዳር አዲስ ስልክ ሲገዛ የድሮውን ለታላቁ ሰጠው፤ ስልኩ ግን አልጸዳም። ታላቁ በራሱ ሲም፣ በራሱ ቴሌብርና በራሱ የፋይዳ ቁጥር አካውንት ከፈተ። 400 ብር አስገባ፤ ድርጅቱ 200 ብር ቦነስ ጨመረለት። የቦነሱ ሕግ አምስት እጥፍ፣ ማለትም 1,000 ብር፣ ቢያንስ በ1.50 ኦድ እንዲያስይዝ ያዛል። ግዴታውን ሲጨርስ 310 ብር ቀረው፤ ጠየቀ፤ ድርጅቱም ወደ ቴሌብሩ ከፈለው።

በታኅሣሥ እንደገና 500 ብር አስገባ። በዚህኛው ቦነስ አልነበረም። ሦስት የ100 ብር ቲኬት ቆርጦ ሦስቱም ወደቁ። በቀረው 200 ብር ስድስት ጨዋታ የያዘ ቲኬት ቆረጠ፤ ጠቅላላ ኦዱ 61.25 ነበር። ስድስቱም ገቡ፤ 12,250 ብር ሆነ። ማውጣት ሲጠይቅ መታወቂያ ተጠየቀ፣ ላከ፤ ከሦስት ቀን በኋላ «በብዙ አካውንትና በቦነስ አላግባብ መጠቀም» ተብሎ ተዘጋ።

ሒሳቡን እንይ። በቦነሱ ዙር ታላቁ ከራሱ 400 አስገብቶ 310 ወሰደ፤ ማለትም 90 ብር ከሰረ። ቦነሱ ለእሱ አንድ ብር ትርፍ አላመጣለትም፤ ለድርጅቱም ኪሳራ አላደረሰም። ያ ዙር ተዘግቷል፤ የዘጋውም ድርጅቱ ራሱ 310 ብሩን በመክፈል ነው። 12,250 ብሩ የመጣው ከታኅሣሡ 500 ብር ነው፤ ይህም ከቴሌብር የግብይት ቁጥሩ እስከ ቲኬት ቁጥሩ ድረስ በአንድ ክር ይሄዳል። ስለዚህ ወንድሙ ቀድሞ ቦነስ መውሰዱ እንደ ጥፋት ቢቆጠር እንኳ፣ ድርጅቱ ሊያነሳ የሚችለው የሰጠውን 200 ብር ነው እንጂ ከወር በኋላ በተጫዋቹ ብር የተገኘውን 12,250 አይደለም።

ከዚህ ሒሳብ ሦስት ደረጃ ያለው ጥያቄ ይወጣል። አንደኛው ሙሉው 12,250 ብር ነው። ሁለተኛው፣ ቦነሱ ይሰረዝ ከተባለ፣ 200 ተቀንሶ 12,050 ብር። የመጨረሻው፣ ምንም ቢሆን የማይለቀቀው ወለል፣ ካስገባው 900 ብር ላይ ቀድሞ የወሰደው 310 ተቀንሶ 590 ብር ነው። በጠቅላላ «ብሬን መልሱ» ከማለት ይልቅ እነዚህን ሦስቱን በቁጥር ማስቀመጥ ለድርጅቱም መውጫ በር ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ስምምነቱ የሚገኘው መካከለኛው ላይ ነው።

ክሩ የሚበጠስበት ሁኔታም አለ። ቦነሱ ሳያልቅ አሸናፊው ቲኬት ከተቆረጠ፣ የራስ ብርና የቦነስ ብር በአንድ ሒሳብ ስለሚቀላቀሉ መለየቱ ይከብዳል። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት የቦነሱ ሕግ የትኛው ቀድሞ ይወጣል እንደሚል ነው፤ በብዙ ድርጅቶች የራስ ብር ቀድሞ ይወጣል፣ በአንዳንዶቹ ግን ተቃራኒ ነው። በቦነስ ጊዜ የሚፈቀደው ከፍተኛ የማስያዣ መጠን ካለፈ ደግሞ፣ ያቺ አንድ ቲኬት መሰረዟ አይቀርም፤ ሌሎቹ ግን አብረዋት መሄድ የለባቸውም።

የራስ ገንዘብና የቦነስ ገንዘብ ተለይተው መታየት አለባቸው የሚለው ሐሳብ የተጫዋች ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን ከትላልቅ የመስመር ላይ ቁማር ድርጅቶች ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ተጫዋች ያስገባውን የራሱን ገንዘብ ለማውጣት ደጋግሞ እንዲጫወት መገደድ የለበትም የሚል ተስማምተዋል። እዚህ አገር አያስገድድም፤ ግን ሐሳቡን ለማስረዳት ይጠቅማል።

ደብዳቤው

በቻት የተጻፈ ነገር ይጠፋል፤ ስለዚህ በኢሜይል ይላክ፤ ከተቻለም ታትሞ ለድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይሂድ። የሚላከው ለማስታወቂያው ስም ሳይሆን ፈቃዱን ለያዘው ኩባንያ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በማልያና በቢልቦርድ ላይ ያለውን ስም ነው፤ ሕጋዊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ግርጌ ወይም በደንቡ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው «እከሌ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለው ነው። በተሳሳተ ስም የተጻፈ አቤቱታ በኋላ ችግር ያመጣል።

ይዘቱ አጭር መሆን አለበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«በስልክ ቁጥር … የተመዘገበው አካውንቴ በ… ቀን ተዘግቶ 12,250 ብር ተይዞብኛል። ይህ ብቸኛ አካውንቴ ነው። የተያዘው ገንዘብ የመጣው በቴሌብር ግብይት ቁጥር … ካስገባሁት 500 ብር በተቆረጠው ቲኬት ቁጥር … ነው፤ በዚህ ቲኬት ላይ ቦነስ አልነበረም። በዚያው ቤት የሚኖር ወንድሜ የራሱ አካውንት ያለው ሲሆን ስልኩን ከእሱ ተቀብያለሁ፤ የሁለታችንም መታወቂያ ተያይዟል። እባካችሁ የሚከተሉትን በጽሑፍ አሳውቁኝ፦ የተጣሰውን አንቀጽ ቁጥርና ቃሉን፤ ደንቡ በየትኛው ቀን ሥራ ላይ እንደዋለ፤ ከእኔ ጋር ተያይዟል የምትሉትን አካውንትና የተያያዘበትን ምክንያት፤ ቦነስ አላግባብ ጥቅም ላይ ውሎባቸዋል የምትሏቸውን ቲኬቶች ቁጥር። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ገንዘቡን እንድትከፍሉ ወይም መልስ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።»

የወንድምየውን ነገር ቀድሞ መናገር አደገኛ ይመስላል፤ ብዙዎችም ይደብቁታል። ነገር ግን ድርጅቱ መዝገቡ ላይ ስላየው ነው የዘጋው። ተጫዋቹ «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» ካለ በኋላ የአባት ስሙ አንድ የሆነ ሰው መታወቂያ ሲወጣ ቀሪው ቃሉ ሁሉ ይወድቃል። ሁለት የተለያዩ የፋይዳ ቁጥሮች፣ ሁለት ሲም፣ ሁለት ቴሌብርና የተለያየ የጨዋታ ጊዜ ያላቸው ወንድማማቾች መሆናቸውን ማሳየት ግን ክሱን ከሥሩ ይነቅለዋል። የወንድምየውን መታወቂያ ለመላክ ፈቃዱ ያስፈልጋል፤ ይህንንም እሱ ራሱ በአንድ መስመር ጽፎ ቢፈርም ይመረጣል።

አንድ ጥንቃቄ፦ አንዳንድ ደንቦች «በአንድ ቤት፣ በአንድ ስልክ ወይም በአንድ አይፒ አንድ ቦነስ ብቻ» ይላሉ። ይህ ካለ ታላቁ ቦነሱን መውሰድ አልነበረበትም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። አንቀጹ ግን ስለ ቦነስ ነው የሚናገረው። «አንድ ቦነስ በአንድ ቤት» ማለትና «አንድ አካውንት በአንድ ቤት» ማለት የተለያዩ ስለሆኑ የትኛው እንደተጻፈ ቃል በቃል ማንበብ ነው።

ሕጉ ምን መያዣ ይሰጣል?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1686 አንዱ ወገን ለሥራው ያዘጋጀው ጠቅላላ ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው ሌላው ወገን ደንቡን አውቆ ከተቀበለው ወይም ደንቡ በመንግሥት አካል የታዘዘ ወይም የጸደቀ ከሆነ ነው። ይህ ለተጫዋች ሁለት ጠቃሚ ጥያቄዎች ይሰጠዋል። በውርርድ ቤት ካሸሩ ስልክ ቁጥር ብቻ ተቀብሎ አካውንት የከፈተለት ሰው ደንቡን መቼ አየው? ድርጅቱ «ደንባችን ጸድቋል» ካለ ደግሞ ይህ አንቀጽ ከጸደቀው ውስጥ አለ ወይ? «በራሳችን ውሳኔ ማንኛውንም ገንዘብ መያዝ እንችላለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ለተቆጣጣሪው በቀረበው ሰነድ ላይ ይገኛል ማለት አይደለም። ቀጥሎ አንቀጽ 1732 ውል በቅን ልቦና እንዲተረጎም ያዛል። አንቀጽ 1772 ደግሞ ውል አልተፈጸመም ብሎ መብት ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል፤ ከላይ ያለው ደብዳቤ ቀን ተቆርጦለት የሚጻፈው ለዚህም ነው።

በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አንድ ድርጅት ስለ ሰውየው የያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «የገባሁባቸውን ቀኖች፣ ሰዓቶችና ስልኮች ዝርዝር ስጡኝ» የሚለው ጥያቄ የሚመሠረተው በዚህ መብት ላይ ነው። የወንድምየውን ዝርዝር ለእርስዎ ላይሰጡ ይችላሉ፤ ያ ተገቢ ነው፤ እሱ በራሱ ስም ይጠይቅ።

መልስ ካልመጣ ወዴት?

የመጀመሪያው ቦታ ፈቃድ ሰጪው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ወደዚያ ከመሄድ በፊት ድርጅቱ ዛሬ ፈቃድ ያለው መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ ፈቃድ ይታደሳል፣ ይታገዳል፣ ይሰረዛልም። አቤቱታው ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በመጀመሪያው ገጽ የሒሳቡ ሰንጠረዥ (ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ማጣቀሻ ቁጥር)፣ በሁለተኛው ድርጅቱ የላከው መልእክትና የእርስዎ ደብዳቤ ማጠቃለያ፤ ቀሪው አባሪ ይሁን። መቶ ስክሪንሾት ያለ ቅደም ተከተል ያቀረበ ሰው የሚያነበው አያገኝም። ያቀረቡበትን የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ አይውጡ።

ከዚያ የሸማች መብት መንገድ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «200 ብር በነጻ» የሚል ቢልቦርድ ተለጥፎ ገንዘብ የሚያስይዘው አንቀጽ በደንቡ ሃያኛ ገጽ ላይ ከተቀበረ አቤቱታው ወደዚህ ይሄዳል። በክልሉ የንግድ ቢሮ ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን ውርርዱን ፈቃድ የሰጠው ፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ይመልሱታል።

ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው፤ ለ12,000 ብርም ቢሆን ቆም ብሎ ማስላት ይገባል። ድርጅቶቹ አዲስ አበባ ስላሉ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከባሕር ዳር ከዚያም በላይ መመላለስ፣ የዳኝነት ክፍያና የጠበቃ ወጪ አለ። በሁለቱ ከተሞች ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች አቅም ለሌለው ሰው ነጻ የሕግ ምክር ስለሚሰጡ፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውንና የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው እዚያ ማሳየት ይሻላል። ከውል የመነጨ ጥያቄ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት ሌላ ልዩ ሕግ ከሌለ በአሥር ዓመት ነው የሚታገደው፤ ስለዚህ በችኮላ መክሰስ ግዴታ አይደለም። ማስረጃው ግን አሥር ዓመት አይቆይም፤ ድርጅቱም ከዚያ በፊት ሊጠፋ ይችላል።

በአገር ውስጥ ፈቃድ የሌለው የውጭ ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ከላይ ያሉት በሮች አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። የቀረው በገጹ ግርጌ ያለውን የፈቃድ ቁጥር ማየት ነው። ማልታ ከሆነ ፈቃድ ሰጪው ድርጅቶቹ ከፍርድ ቤት ውጭ ክርክር የሚፈታ አካል እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ስሙም በደንቡ ውስጥ ይገኛል። ኩራሳኦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 አዲስ የቁማር ሕግ ሥራ ላይ ካዋለች በኋላ ተመሳሳይ ግዴታ አስገብታለች። ቁጥሩ ከፈቃድ ሰጪው መዝገብ ጋር ካልገጠመ ወይም ጭራሽ ቁጥር ከሌለ ግን አቤት የሚባልበት ቦታ የለም። ዲፖዚቱን በክሪፕቶ ካደረጉትማ የሚከተሉት የክፍያ ክር እንኳ በስምዎ የለም።

ጉዳዩ ተፈትቶ ገንዘቡ ከተመለሰ ስልኩን የተቀበለው ሰው ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሶ እንደ አዲስ ያስጀምረው፤ የተለያየ ሰው በተለያየ ሰዓት በዚያው ስልክ መግባቱ ይቁም። አካውንቱ ላይ ያለው ስምና የልደት ቀን ከፋይዳው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል፤ ካልገጠመ ድርጅቱ እንዲያስተካክለው ማውጣት ከመጠየቅዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ወንድምየው ቦነስ ወስዶ ከሆነ የሁለተኛው ሰው ምርጫ ቀላል ነው፤ ብር ሲያስገቡ «ቦነስ አልፈልግም» የሚለውን ምልክት ማድረግ፣ ምልክቱ ከሌለም ቦነሱ ሳይነካ እንዲነሳ ለደንበኞች አገልግሎት መጻፍና መልሱን ማስቀመጥ።